ቤቲንግ ቤቱ አካውንታችሁን ዘግቶ ያሸነፋችሁትን ብር ሲይዝ

የሚመጣው መልእክት አጭር ነው። «ከአንድ በላይ አካውንት በመክፈትዎና ቦነስን ያለአግባብ በመጠቀምዎ አካውንትዎ ተዘግቷል። ውሳኔው የመጨረሻ ነው።» ስም የለው፣ ቀን የለው፣ የትኛውን ደንብ እንደጣሳችሁ አይናገር። የሚመጣው ደግሞ ሲሸነፉ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጠቀም ያለ ቲኬት በልቶ «ብሬን ላውጣ» ባላችሁ ማግስት ነው።

ይሄኔ አብዛኛው ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ደሴ ፒያሳ ወዳለው ቅርንጫፍ ሄዶ ከመስኮቱ ጀርባ ከተቀመጠው ልጅ ጋር ይጣላል፣ ወይ በወንድሙ ስም ሌላ አካውንት ይከፍታል። የመጀመሪያው ጉልበት ይጨርሳል፤ ልጁ አካውንት የመክፈትም የመዝጋትም ሥልጣን የለውም። ሁለተኛው ግን የባሰ ነው። ያልነበረውን ጥፋት ገና አሁን መፈጸም ነው፤ ድርጅቱም «ይኸው፣ ብለን ነበር» ይላል።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሰውየውን ጀማል እንበለው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ከታናሽ ወንድሙ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ጀማል መስከረም 3 በራሱ ስልክ ቁጥርና በራሱ መታወቂያ ተመዘገበ። በቴሌብር 500 ብር አስገባ፤ ድርጅቱም የመጀመሪያ ጊዜ ቦነስ ብሎ 500 ብር ጨመረለት። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ቦነሱ ከመውጣቱ በፊት 5 ጊዜ መዞር አለበት፣ ማለትም በ2,500 ብር መወራረድ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ ቲኬት ኦድ ከ1.50 አይነስ፤ በአንድ ቲኬት ከ250 ብር በላይ አይመደብ።

ጀማል በ250 ብር 10 ቲኬት ቆረጠ። መስከረም 14 ግዴታውን ሲጨርስ 620 ብር ቀረው። 400 ብር አወጣ፣ በቀረው 220 ተጫወተ፣ መስከረም 20 ሒሳቡ ዜሮ ሆነ። ከዚያ ለአንድ ወር ተኩል አልነካውም። ኅዳር 2 ከቴሌብሩ 1,000 ብር አስገባ። ቦነስ የለም፣ ማስተዋወቂያ የለም፤ የራሱ ብር ብቻ። አራት ጨዋታ አገጣጥሞ ቆረጠ፦ 1.90፣ 2.10፣ 1.75 እና 2.40። ሲባዛ 16.758 ነው። አራቱም ገቡ፤ ግብር ከመቆረጡ በፊት 16,758 ብር መጣ። ላውጣ ሲል አካውንቱ ተቆለፈ።

ታናሽ ወንድሙም እዚያው ድርጅት አካውንት አለው። በራሱ ቁጥርና በራሱ መታወቂያ ነው የከፈተው፤ ስልኩ ግን ጀማል የሰጠው አሮጌ ስልክ ነው። አንድ ቀን ቴሌብሩ ባዶ ሆኖበት ጀማል ከራሱ ቴሌብር 200 ብር ወደ ወንድሙ የቤቲንግ አካውንት አስገብቶለታል። ይህቺን 200 ብር ያዙልኝ፤ ኋላ ራስ ምታት የምትሆነው እሷ ናት።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ተዘጋ በተባለው አካውንት ውስጥ ያለው ብር አንድ ዓይነት አይደለም። ያስገባችሁት የራሳችሁ ብር አለ። ድርጅቱ የሰጠው ቦነስና ከቦነሱ የተገኘ ትርፍ አለ። ከራሳችሁ ብር የተገኘ ትርፍ ደግሞ ሌላ ነው። የድርጅቶች ደንብ በአብዛኛው የሚለው «ቦነስ አለአግባብ ከተጠቀሙ ቦነሱንና ከቦነሱ የተገኘውን ትርፍ እንሰርዛለን» ነው። መልእክቱ ግን ሦስቱንም ጠቅልሎ ይወስዳል። የክርክሩ ግማሽ ይህን ጥቅል መፍታት ነው። የጀማል ቦነስ መስከረም 20 ሞቷል። ሒሳቡ ዜሮ ከገባ በኋላ ኅዳር የገባው 1,000 ብር ከቦነሱ ጋር የሚያገናኘው ክር የለም። ስለዚህ «ቦነስ» የሚለው ክስ እውነት ቢሆን እንኳ 16,758ቱን አይነካም።

እዚህ ላይ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የማስረጃ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ነው። አካውንቱ ሲቆለፍ የቲኬት ታሪኩ አብሮ ስለሚቆለፍ፣ ያላችሁን ከውጭ ሰብስቡ። አፑን አታጥፉት፤ አንዳንዴ የመጨረሻው ገጽ እንደተከፈተ ይቀራልና ስክሪንሾት አንሱት። በኤስኤምኤስ የመጣ የቲኬት ቁጥር፣ የክፍያ ማረጋገጫ፣ የእገዳው መልእክት ራሱ፣ አንዱም አይጥፋ። ቴሌብር ውስጥ ገብታችሁ ከምዝገባው ቀን ጀምሮ ያለውን የግብይት ታሪክ አውጡ፤ እያንዳንዱ ግብይት የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ እሱ ከስክሪንሾት ይበልጣል። ቲኬቱን ወረቀት ላይ የቆረጣችሁ ከሆነ ወረቀቱን ፎቶ አንሱ፤ የዚያ ወረቀት ቀለም ፀሐይና ሙቀት ሲነካው ይጠፋል።

ከዚያ ደንቡን አስቀምጡ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ደንቡ ያለው ድርጅቱ እጅ ባለ ገጽ ላይ ነው፤ ነገ ሊለውጠው ይችላል። ከላይ እስከ ታች፣ መጨረሻ የተሻሻለበት ቀን ከተጻፈ እሱም እንዲታይ አድርጋችሁ ገጽ በገጽ አንሱት። የቦነሱ ደንብ ብዙ ጊዜ ከዋናው ደንብ ተለይቶ ሌላ ገጽ ላይ ነው ያለው፤ ሁለቱንም።

አሁን «ከአንድ በላይ አካውንት» ወደሚለው እንምጣ። ድርጅቱ ይህን የሚለው ሰው ቤታችሁ ልኮ አይደለም። ሲስተሙ አካውንቶችን በአራት ነገር ያገናኛል፤ አራቱም እኩል ክብደት የላቸውም።

በጣም ደካማው የኢንተርኔት አድራሻ ነው፣ አይፒ የሚሉት። በሞባይል ዳታ ስንጠቀም ብዙ ደንበኞች በአንድ የውጭ አድራሻ ነው የምንታየው። ዋይፋይም እንደዚያው ነው። ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዶርም ውስጥ ያሉ ተማሪዎች፣ ሸዋ በር አንድ ካፌ ውስጥ ጨዋታ የሚያዩ ልጆች፣ ሁሉም ለድርጅቱ ሲስተም ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። በዚህ ብቻ «አንድ ሰው ናችሁ» ማለት አይቻልም።

ቀጥሎ ስልኩ ራሱ ነው። አፑ የስልኩን ዓይነት፣ የሲስተሙን ስሪት፣ የራሱን መለያ እያገጣጠመ ስልኩን ያስታውሳል። ጀማል አሮጌ ስልኩ ላይ በራሱ አካውንት ገብቶ ነበር፤ ያንኑ ስልክ ለወንድሙ ሰጠ። ሲስተሙ አንድ ስልክ ላይ ሁለት አካውንት አየ። ያገለገለ ስልክ የገዛም ሰው እንዲሁ ሊገጥመው ይችላል። ይህ ከአይፒ ይጠነክራል፤ ግን ማብራሪያ አለው።

ሦስተኛው የክፍያ ቁጥር ነው። ቴሌብር በስማችሁ የተመዘገበ ነው፤ ከአንድ ቴሌብር ሁለት የቤቲንግ አካውንት ውስጥ ብር ሲገባ ድርጅቱ ጥሩ መያዣ አገኘ ማለት ነው። ያቺ 200 ብር እዚህ ናት። አራተኛው መታወቂያ ነው። ሁለት አካውንት በአንድ መታወቂያ ከተከፈተ ክርክሩ አልቋል፤ አትድከሙ።

የደሴው ችግር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አካውንት ራሱ አልከፈተም። ቅርንጫፉ ውስጥ ያለው ልጅ «አምጣ እኔ ልክፈትልህ» ብሎ በራሱ ስልክ፣ አንዳንዴም በራሱ ሲም ይከፍትለታል። ለሃያ ሰው እንዲህ ከከፈተ ሃያውም አንድ ስልክ ላይ የተፈጠሩ ናቸው። ይባስ ብሎ አካውንቱ በልጁ ቁጥር ከተመዘገበ በወረቀት ባለቤቱ እሱ ነው። እንዲህ የተከፈተ አካውንት ላይ ገና ያልተቆለፈባችሁ ካላችሁ፣ ቁጥሩን ዛሬውኑ በስማችሁ አስለውጡ።

ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ የማይመች ሥራ አለ። የራሳችሁንና የቤተሰባችሁን ቲኬቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ድርጅቱ «ቦነስ ያለአግባብ መጠቀም» ሲል በዋናነት የሚፈልገው ይህንን ነው፦ አንዱ አካውንት «ባለሜዳ ያሸንፋል» ብሎ፣ ሌላው በዚያው ጨዋታ «እኩል ወይም እንግዳ» ብሎ ቦነሱን መድቧል ወይ? እንዲህ ከሆነ አንዱ የግድ ይበላል፤ ቦነሱ ያለ ስጋት ወደ ብር ይለወጣል። እንዲህ ያለ ጥንድ በመስከረም ቲኬቶች ውስጥ ካለ «ወንድሜ ሌላ ሰው ነው» ማለት አይሠራም። ጀማል አየ፤ ወንድሙ የተመዘገበው ጥቅምት ላይ ነው፣ የጀማል ቦነስ ካለቀ በኋላ። አንድም ተቃራኒ ቲኬት የለም። ይህ ቀን ከምንም በላይ ይጠቅመዋል። ቦነሱን ሲያዞርም ከ250 ብር አላለፈም፤ 251 ቢሆን ኖሮ ድርጅቱ የሚይዘው ሰበብ ነበረው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ስድብ የለ፣ «ፌስቡክ ላይ እለቃችኋለሁ» የለ። ድርጅቱ በደንቡ ላይ በጻፈው የቅሬታ ኢሜይል ይላክ፤ በስልክ ያወራችሁት ነገ የለም። በጀማል ጉዳይ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«አካውንቴ በኅዳር 4 ተዘግቷል። የተመዘገብኩት መስከረም 3 በራሴ ስልክ ቁጥርና መታወቂያ ነው። በዕለቱ የወሰድኩት የ500 ብር ቦነስ ግዴታው መስከረም 14 ተጠናቋል፤ ሒሳቤም መስከረም 20 ዜሮ ሆኗል። ኅዳር 2 ያለ ምንም ቦነስ 1,000 ብር አስገብቼ በቆረጥኩት ቲኬት 16,758 ብር አሸንፌያለሁ። የቴሌብር ግብይት ቁጥሮቹና የቲኬት ቁጥሩ ተያይዘዋል።

ስለዚህ የሚከተሉትን በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ጣስክ የተባልኩት የትኛውን አንቀጽ ነው? ሁለተኛ፣ አካውንቴ ከሌላ ጋር ተገናኘ የተባለው በመታወቂያ ነው፣ በክፍያ ቁጥር፣ በስልክ ወይስ በኢንተርኔት አድራሻ? ሦስተኛ፣ በኅዳር 2 ቲኬት ላይ የዋለው ቦነስ የትኛው ነው? አራተኛ፣ ውርርዶቼ ከተሰረዙ የተሸነፍኩባቸው ምድቦችስ ለምን አልተመለሱልኝም?

16,758 ብር፣ በሕግ የሚቆረጥ ግብር ካለ ተቀንሶ፣ በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ሆኖ እንዲቆጠርልኝ።»

አራተኛዋ ጥያቄ ቀልድ አይደለችም። ድርጅቱ «አካውንቱ ከመጀመሪያውም ሕጋዊ አልነበረም» ካለ፣ ያ አካውንት ላይ የተቆረጠ ቲኬት ሁሉ አልነበረም ማለቱ ነው። ያሸነፉበትን ሰርዞ የተሸነፉበትን ማስቀረት ግን በአንድ ሚዛን ሁለት ዋጋ ነው። ያው የስልኩ መያያዝ ጥቅምት ላይም ነበር፤ ጀማል ኅዳር 2 ብር ሲያስገባና ቲኬት ሲቆርጥ ግን ማንም አልጠየቀውም። ይህን ክርክር ብዙ ሰው አያነሳውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የጠነከረው እሱ ነው።

ደብዳቤው ላይ የሌለውንም ልብ በሉ። «ሁሉንም ካልከፈላችሁ ቢያንስ ያስገባሁትን 1,000 ብር መልሱልኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር የለም። ሆን ተብሎ ነው። መጀመሪያ ላይ ዝቅተኛውን ከጠራችሁ ድርጅቱ እሱን ይዞ ይዘጋዋል። ሳትጠይቁ 1,000 ብር ቴሌብራችሁ ውስጥ ቢገባ ደግሞ በዚያው ቀን «የተቀበልኩት እንደ ከፊል ክፍያ ነው፣ ቀሪው 15,758 ብር ነው» ብላችሁ ጻፉ። «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ፎርም ካመጡ አትፈርሙ፤ በአፕ ላይ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ መንካትም መፈረም ነው።

ስለ ወንድሙ ምን ይበል? ሳይጠየቅ መዘርዘር አያስፈልግም። ከተጠየቀ ግን አይዋሽ። «አላውቀውም» ብሎ የቴሌብር ታሪኩ 200 ብር ሲያሳይ እውነተኛው ክፍልም አብሮ ይወድቃል። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ «ወንድሜ ነው፣ የራሱ መታወቂያና የራሱ ሲም አለው፣ ስልኩን እኔ ሰጥቼዋለሁ፣ አንድ ቀን 200 ብር አስገብቼለታለሁ። እኔ ቦነስ ስወስድ እሱ አልተመዘገበም።» ከዚያ የሁለቱን ፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ለማሳየት ፈቃደኛ መሆኑን ይግለጽ። ኮፒ ሲልክ በላዩ ላይ «ለዚህ ቅሬታ ማረጋገጫ ብቻ» ብሎና ቀን ጽፎ ይላክ፤ በድርጅቱ ኢሜይል ብቻ እንጂ በቴሌግራም ለሚያናግር ሰው አይሆንም።

አንዳንድ ደንብ «ለአንድ ሰው» ብቻ ሳይሆን «ለአንድ ቤተሰብ፣ ለአንድ አድራሻ፣ ለአንድ ስልክ አንድ አካውንት» ይላል። እንዲህ ከተጻፈ የጀማል ነገር ይከብዳል። ግን ያኔም ይነበብ፦ የሚከለክለው አካውንቱን ነው ወይስ ቦነሱን? ብዙ ጊዜ «ለአንድ ቤተሰብ አንድ» የሚለው የቦነስ ገጽ ላይ ነው። ቦነሱን ሁለት ጊዜ በአንድ ቤት መውሰድ ክልክል ከሆነ፣ ቅጣቱ የኋለኛው፣ ማለትም የወንድሙ ቦነስ መሰረዝ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ሲወጣ ኦንላይን ቤቲንግ አልነበረም፤ ግን አንዱ ወገን አስቀድሞ ባዘጋጀው ደንብ ስለሚደረግ ውል ያስቀመጠው ነገር አለ። አንቀጽ 1686 እንዲህ ያለ ደንብ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው አውቆትና ተቀብሎት ሲሆን፣ ወይም የመንግሥት አካል ያወጣው ወይም ያጸደቀው ሲሆን ነው ይላል። ውል በቅን ልቦና መተርጎም እንዳለበት አንቀጽ 1732 ያስቀምጣል። ማስረጃን በተመለከተ ደግሞ አንቀጽ 2001 አለ፦ ግዴታ አለብህ የሚል መኖሩን ያስረዳል፤ ግዴታው ፈርሷል ወይም ቀርቷል የሚል ደግሞ ያንን ያስረዳል። በእኛ ጉዳይ ጀማል ቲኬቱንና ክፍያውን ያሳያል። «ደንብ ስለጣሰ አልከፍልም» የሚለው ድርጅቱ ነው፤ መጣሱን ማስረዳትም የሱ ሸክም ነው። «ሲስተማችን አገኘው» ብሎ መናገር ማስረዳት አይደለም። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «ማስጠንቀቂያ» የምትለዋን ቃል ያስገባኋትም በምክንያት ነው፤ አንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመሄድ በፊት ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል።

ከውጭ አንድ ጉዳይ ላንሳ፤ እኛን አያስገድድም፣ ግን አስተሳሰቡ ይጠቅማል። እንግሊዝ አገር አንድ ተጫዋች በቤትፍሬድ ኦንላይን 1.7 ሚሊዮን ፓውንድ አሸነፈ። ድርጅቱ «ጨዋታው ላይ ብልሽት ነበር፣ ደንባችን አልከፍልም ይላል» አለው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ለተጫዋቹ ፈረደ። አንዱ ምክንያት ድርጅቱ የተመካባቸው አንቀጾች ግልጽ አለመሆናቸውና ለተጫዋቹ በበቂ ሁኔታ እንዲታዩ አለመደረጋቸው ነበር። በረጅም ደንብ ውስጥ የተቀበረ፣ ብርን ሙሉ ለሙሉ የሚያስቀር አንቀጽ፣ ተጫዋቹ ሳጥን ላይ ምልክት ስላደረገ ብቻ ሁሌም አይጸናም።

መረጃ ለመጠየቅ ሌላ መሣሪያም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለራሱ የተያዘን መረጃ የማየት መብት ይሰጠዋል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ በተለየ ደብዳቤ የመግቢያ ታሪኬን፣ የቲኬት ታሪኬን፣ የገቢና የወጪ ዝርዝሬን፣ አካውንቴን ለመዝጋት የተጠቀማችሁበትን ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃ ስጡኝ ማለት ይቻላል። የወንድሙን መረጃ አይሰጡትም፤ የራሱን ግን ይጠይቅ። ከቅሬታው ጋር አትቀላቅሉት፤ ለየብቻ ሲሆን ለየብቻ መልስ ይፈልጋል።

15 ቀን አለፈ እንበል፣ ወይ «ውሳኔያችን የመጨረሻ ነው» የሚል ድጋሚ መጣ። ይህ ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም፤ የድርጅቱ ቅሬታ ሂደት ማለቁን የሚያሳይ ወረቀት ነው። ቀጣዩ ቦታ ፈቃድ ሰጪው ነው። አገር ውስጥ የስፖርት ውርርድን የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ሎተሪ ነው። በመጀመሪያ የድርጅቱ ፈቃድ ዛሬ የጸና መሆኑን ጠይቁ፤ ቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት የታደሰ ላይሆን ይችላል፣ የንግድ ስሙና ፈቃዱ ላይ ያለው የድርጅት ስምም ይለያያል። የምትከሱትም የምታመለክቱበትም በፈቃዱ ላይ ያለው ስም ነው። አቤቱታው አንድ ገጽ ይሁን፦ የቀን ቅደም ተከተል፣ የብር መጠን፣ የላካችሁት ደብዳቤ፣ የመጣው መልስ። ማስረጃው ቁጥር ተሰጥቶት ከኋላ ይያያዝ። መዝጋቢው ተቀብሎ ቁጥር እንዲሰጣችሁና ኮፒው ላይ ማኅተም እንዲያደርግ ጠይቁ። በሰው ከላካችሁም ያንን ሳይዝ አይመለስ።

ድርጅቱ እዚህ አገር ፈቃድ የሌለው፣ በኢንተርኔት ብቻ ያለ የውጭ ድርጅት ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ገጹን እስከ ታች ውረዱና የፈቃዱን ቁጥርና አገር ፈልጉ። የማልታ ወይም የእንግሊዝ ፈቃድ ያለው ድርጅት ክርክርን የሚያይ ገለልተኛ አካል የመሰየም ግዴታ አለበት፤ ስሙ ደንቡ ውስጥ ይገኛል፣ ለተጫዋቹም ነፃ ነው። ፈቃድ የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብሩ የመመለስ ዕድሉ የመነመነ ነው። ደሴ ተቀምጣችሁ የምትከሱት ሰው የለም።

ፍርድ ቤት ለ16 ሺህ ብር ያዋጣል ወይ? የዳኝነት ክፍያ አለ፣ ምልልስ አለ፣ ከፈረቃ መቅረት አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ የት እንደሚከሰስ ከመወሰናችሁ በፊት የሕግ ሰው ጋር አንድ ጊዜ መነጋገር ይበጃል። እኔ የምለው ግን ክሱ ራሱ ሳይሆን ለክስ የተዘጋጀ ፋይል ነው ብዙውን ሥራ የሚሠራው። አንቀጽ ጠቅሶ፣ የግብይት ቁጥር አያይዞ፣ የፈቃድ ሰጪውን የመዝገብ ቁጥር ጽፎ የመጣ ሰው፣ ስልክ ላይ ከሚጮኸው ሰው ጋር በአንድ መስመር አይሰለፍም። ሽምግልናስ? ቅርንጫፉ የወኪል ከሆነና ቦነሱን የሸጠላችሁ ወይም አካውንቱን የከፈተላችሁ እሱ ከሆነ፣ የሠፈር ሽማግሌ ያዙ፤ የደሴ ሰው በዚህ አይታማም። ወኪሉ ብሩን መክፈል ባይችልም «አካውንቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ በኔ ስልክ» ብሎ መጻፍ ይችላል። ያ ወረቀት «ከአንድ በላይ አካውንት» የሚለውን ክስ ከሥሩ ይነቅለዋል።

በእርግጥ ሁለተኛ አካውንት ከፍታችሁ ከነበረስ? በእናታችሁ ስም፣ በሁለተኛ ሲም፣ ቦነሱን ለመውሰድ? ያኔ ክርክሩ ይጠባል። ለትርፉ አትታገሉ። የምትጠይቁት ያስገባችሁትንና ያልተጫወታችሁበትን ብር ነው። ቦነስ አላግባብ ተወስዶ ከሆነ ቦነሱ ይመለሳል፤ የራሳችሁን ብር መውረስ ግን ቅጣት ነው፣ ቅጣቱ በየትኛው አንቀጽ እንደተጻፈ የማሳየት ግዴታው አሁንም የድርጅቱ ነው። በእናታችሁ ስም ያለውን ብር የምትጠይቀው ደግሞ እናታችሁ ናት፤ እናንተ ስለሷ ስትጽፉ አካውንቱ የማን እንደነበር እየመሰከራችሁ ነው።

በዚህ መሃል ቴሌግራም ላይ «የተቆለፈ አካውንት አስከፍታለሁ» የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ። አንዱ የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ ይላል፣ ሌላው «መጀመሪያ የግብሩን 2,500 ላክ፣ ከዚያ 16 ሺህው ይለቀቃል» ይላል። ግብር ከሚከፈለው ላይ ተቆርጦ ነው የሚቀረው፤ አስቀድሞ ለግለሰብ ቴሌብር የሚላክ ግብር የለም። የቴሌብር ፒን ወይም በኤስኤምኤስ የመጣ የማረጋገጫ ኮድ የጠየቀ ሰው ጋር ወሬው እዚያው ላይ ይብቃ።

ብሩ ሲገባ መጠኑን አስሉ። የተቆረጠ ግብር ካለ ደረሰኝ ጠይቁ፤ «የአስተዳደር ክፍያ» ተብሎ የተቀነሰ ካለ አንቀጹን። አካውንቱ ተዘግቶ ሊቀር ይችላል፤ ድርጅቱ ደንበኛ አልፈልግም የማለት መብት አለው፣ ያሸነፈውን ብር የማስቀረት ግን አይደለም። ጀማል እዚያ ድርጅት ዳግም መጫወት ከፈለገ በጽሑፍ ጠይቆ፣ በራሱ ስም፣ ሲፈቀድለት ብቻ ነው። ወንድሙም ከራሱ ቴሌብር ያስገባ።